ተመስገንን አምስት ብለን የመዘገብን ጊዜ

ባስታወስኩት ቁጥር ደሜን የሚያፈላው አንድ ሠንጠረዥ አለ። ከሸዋ ቤንች ወዲያ፣ ወንዙን በግንድ ድልድይ ተሻግሮ የሚገኝ የአንድ ቀበሌ ሠንጠረዥ ነው። ዕድሜያቸው ከስድሳ በላይ የሆኑ ሰዎች ጤናቸው እንዴት እንደሆነ ይናገራል፤ እሱን ካመንን እነዚያ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከእኔ ይልቅ ጤነኞች ናቸው። አንደኛው ሽማግሌ ሲጠየቁ አጠገባቸው ነበርኩ። በየጥያቄው መሃል ያስላሉ፤ ጠያቂው ልጅ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ታብሌቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር። ሠንጠረዡ ላይ ግን ጤናቸው «በጣም ጥሩ» ነው። የቀበሌው ወጣቶችም አንዳች የጎደላቸው ነገር የለም።

ሌላ ሰው አጥፍቶት ቢሆን ኖሮ ተሳድቤ እገላገል ነበር። ጥያቄውን ወደ አማርኛ የመለስኩት ግን እኔው ራሴ ነኝ።

የምኖረው አማን ከተማ ነው። አባቴ ከጉራጌ መጥቶ ሱቅ በከፈተበት ቤት ተወልጄ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስራገጥ ቤንችኛ የለመድኩ ሰው ነኝ። አስተማሪነቱን ከተውኩ ወዲህ እንጀራዬ መጠይቅ ሆኗል። ከአዲስ አበባ ጥናት የሚያስጠና ሲመጣ ጥያቄውን እተረጉማለሁ፣ ጠያቂዎቹን አሠለጥናለሁ፣ መስክ ላይ ደግሞ ከኋላቸው ተቀምጬ እቆጣጠራለሁ። ብዙ ጊዜ ዝናብ ነው፣ ብዙ ጊዜ ጭቃ ነው፤ ሥራውን ግን እወደዋለሁ። ሰው ቤት ገብቶ «እስቲ ይንገሩኝ» ብሎ መቀመጥ ደስ ይለኛል።

የዚያ ጥናት ጉዳይ የተወሳሰበ አልነበረም። በወር አንድ ቀን ነርሶች መድኃኒት በሞተር ብስክሌት ጭነው ወደ ሩቅ ቀበሌዎች ይወጣሉ። ሰዉ «ዙር» ይለዋል። ዙሩን የሚደግፈው ድርጅት የትኛው ቀበሌ ላይ እንደሚቀጥል፣ የትኛው ላይ እንደሚያቆም መወሰን ፈልጎ ጥናቱን አዘዘ። የሚጠየቁት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ልጆችና ከስድሳ በላይ ያሉ አዛውንቶች። መሃል ያለው ጉልበተኛ ሲታመም ሚዛን ሐኪም ቤት ድረስ በእግሩ ይሄዳል፤ አሮጊትና ልጅ ግን ቤት ይቀራሉ ተብሎ ነው። ይኼን ያሰበው ሰው ደህና አድርጎ አስቧል።

የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። መጠይቁ አንድ ነበር፤ ለአሥራ አራት ዓመቷ ልጅም፣ ዘመኗን በጣሊያን ወሬ ለምትቆጥር አሮጊትም ያው አንድ ወረቀት። አስተባባሪውን በስልክ ተከራከርኩት። ጨዋ ወጣት ነው፤ ሥራውንም ያውቃል፤ ተነስቶ ወንዝ መሻገር ብቻ አይወድም።

«እትዬ፣ ጥያቄው ከተለያየ እኮ ልጆቹንና ሽማግሌዎቹን ማነጻጸር አንችልም» አለኝ።

«ጥያቄው ይለያይ አላልኩም። አጠያየቁ ይለያይ ነው ያልኩት።»

«ያው አይደለም?»

ያው አይደለም። ግን ያን ቀን አላስረዳሁትም፤ እኔም ራሴ በደንብ አልገባኝም ነበር። ጥያቄዎቹን ለማስሞከር ሦስት ቀን ጠይቄ አንድ ከሰዓት ተሰጠኝ። በዚያ ከሰዓት ከቀጠርናቸው ጠያቂዎች ሌላ ሰው አላገኘሁም፤ ስለዚህ እርስ በርሳቸው ተጠያየቁ። ከዩኒቨርሲቲ የወጡ፣ ታብሌት ከእጃቸው የማይጠፋ ልጆች እርስ በርሳቸው ተጠያይቀው ሁሉም ገባን አሉ። ለአንዲት አሮጊትና ለአንዲት ልጅ የተጻፈ ጥያቄ አንድም አሮጊት፣ አንድም ልጅ ሳይሰማው «ተሞክሯል» ተብሎ ተፈረመ። የፈረምኩት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያዋን ጥያቄ እስከ ዛሬ በቃሌ አውቃታለሁ። «በአጠቃላይ ጤናዎ እንዴት ነው?» ትላለች። መልሱ ከአንድ እስከ አምስት ነው፤ አምስት «በጣም ጥሩ»፣ አንድ «በጣም መጥፎ»። ወረቀት ላይ ስታነቧት ምንም ነውር የለባትም።

አንዲት አሮጊት ቤት የደረስነው በሁለተኛው ቀን ነው። ግቢው በእንሰትና በጎደሬ የታጠረ ነው፤ በስተጀርባ ቡና አለ። ቤት ውስጥ የሚኖሩት እሳቸውና የአሥራ አምስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ናቸው። አሮጊቷ ዓይናቸው ደክሟል፤ እኛን ያዩን በድምፃችን ነው። አንዷን አግዳሚ አስወጡልን፣ ልጅቷን የቡና ቅጠል አፍልታ እንድታመጣ ላኳት። እንግዳ ወሬ ሆነና ሁለት የጎረቤት ሴቶችም መጥተው በር ላይ ቆሙ።

ጠያቂው ልጅ ታብሌቱን አየ። ታብሌቱ ደቂቃ ይቆጥራል፤ አንድ ቤት ላይ የቆየ ሰው ማታ ስሙ በቀይ ይወጣል። «አመሰግናለሁ እማማ፣ ሥራ ላይ ስለሆንን አንጠጣም» አለና ቀጠለ። «በአጠቃላይ ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

አምስትን ነካት። የመልሶቹን ዝርዝር አላነበበላቸውም፤ ምን ያነባል፣ ሴትዮዋ መልሰዋል። በሥልጠናው ላይ «ተጠያቂው በራሱ አንደበት ከመለሰ የሚቀርበውን ምረጡ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ቀጥሎ ልጅቷ የጣደችውን ትታ መጥታ ተጠየቀች። አግዳሚው አንድ ስለሆነ ከአያቷ አጠገብ ተቀመጠች። ጥያቄ በተጠየቀች ቁጥር መጀመሪያ አያቷን፣ ከዚያ በር ላይ ያሉትን ሴቶች ታያለች። እኔ ከኋላ በርጩማ ላይ ነበርኩ። ከተቀመጥኩበት የጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ የተወተፈች ትንሽ የወረቀት ፖስታ ትታየኛለች፤ ላይዋ ላይ በእስክሪብቶ ፀሐይና ጨረቃ ተሥሎባታል። ማንበብ ለማይችል ሰው ክኒኑን ጠዋትና ማታ ዋጥ የሚባለው እንደዚያ ነው። የልጅቷ አንጓ ላይ ደግሞ የቆየ፣ የሚያብለጨልጭ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። በልጅነቴ ጎረቤታችን እንዲህ ያለ ጠባሳ የነበራት ልጅ ነበረች፤ የሚጥል በሽታ ነበረባት፣ እሳት አጠገብ ትወድቅ ነበር። ቤተሰቦቿ ይደብቁት ነበር፤ ከታወቀ ከእሷ ጋር በአንድ ሳህን የሚበላ የለም።

«ሁልጊዜ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» አላት ጠያቂው።

አያቷን አየች። በሩን አየች። «የለም» አለች።

ጣቴን ላነሳ ቃጣኝ። የተቆጣጣሪ ደንብ ግን በመጠይቅ መሃል መግባት ይከለክላል፤ ደንቡም ጥሩ ደንብ ነው፤ ተቆጣጣሪ እየገባ ሲያርም ስንት መልስ ሲበላሽ አይቻለሁ። እጄ ላይ ያለው ወረቀት የሚጠይቀኝ ሦስት ነገር ነው። ጥያቄውን ቃል በቃል አነበበ? ትሁት ነበር? በሰዓቱ ጨረሰ? ሦስቱንም «አዎ» አልኩና ወጣን። የቡና ቅጠሉ ፈልቶ ሲመጣ እኛ ድልድዩ ጋ ደርሰናል።

ሪፖርቱ ገና ሳይጻፍ ሠንጠረዡ ወጣ። ቀበሌው «ቅድሚያ የማያስፈልገው» በሚለው ረድፍ ገባ። ዙሩ ቆመ። እኔ ክፍያዬን ተቀብዬ ወደ ሌላ ሥራ ዞርኩ፤ ያን ፖስታ ረሳሁት ማለት እንኳ አልችልም፤ አንዳንዴ ትዝ ይለኝ ነበር።

ከተወሰኑ ወራት በኋላ የወለደች ጎረቤቴን ልጠይቅ ሐኪም ቤት ሄጄ ሳለ ኮሪደሩ ላይ አሮጊቷን አየኋቸው። ግድግዳ ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሰላም ስላቸው በድምፄ አወቁኝ።

«አንቺ የጥያቄ ሴትዮ ነሽ» አሉ። አማርኛቸው ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ ለትልቁም ለትንሹም አንቺ ነው የሚሉት።

የልጅ ልጃቸው ክፍል ውስጥ ተኝታ ነበር፤ እጇ ከጣቷ እስከ ክርኗ ተጠቅልሏል፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ለአራሷ የያዝኩትን ሙዝ ከራስጌዋ አስቀመጥኩ። ዞራ አላየችኝም።

«ነርስ ቀረ» አሉኝ አሮጊቷ። «አንድ ወር ጠበቅን። ሁለት ወር ጠበቅን። ክኒን አለቀ። ልጅ እሳት ላይ ወደቀች።»

«ሚዛን መጥታችሁ ለምን አልወሰዳችሁም፣ እማማ?»

«እኔ ዓይን የለኝም። እሷ ብቻዋን መጥታ መንገድ ላይ ብትወድቅስ? ሰው ቢያያትስ?»

ከዚያ የማይጠየቅ ነገር ጠየቅኋቸው። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። «ያኔ ስንመጣ ለምን አልነገሩንም?» አልኳቸው።

አሮጊቷ አልተቆጡም፤ ተገረሙ እንጂ። «ማን ጠየቀኝ? ያ ልጅ እንዴት ነሽ አለኝ፣ ተመስገን አልኩት። እንግዳ ነው። የሰጠሁትን አልጠጣም። ገና ሳይጠጣ ቁስሌን አውጥቼ ላሳየው? ጠጥቶ፣ አረፍ ብሎ፣ ‹አሁን ንገሪኝ› ቢለኝ እነግረዋለሁ። እሱ ተነስቶ ሄደ።» ከዚያ ጨመሩ፤ «ደግሞ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ ነበር።»

ከሐኪም ቤቱ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ባጃጁ ውስጥ ስገባ ሾፌሩ፣ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ «ሰላም ነሽ እትዬ? ጤና?» አለኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። እንባዬ እየወረደ ነው የመለስኩለት። ማንም ሰው እኔን አሁን በአምስት ቢመዘግበኝ አይፈረድበትም።

ቤት ደርሼ አስተባባሪው ጋ ደወልኩ። የነገርኩትን ሁሉ አዳመጠና «እትዬ፣ በጣም ያሳዝናል። ግን አንድ ቤተሰብ ነው» አለ። «መረጃው እኮ ንጹሕ ነው። አንድም ባዶ መልስ የለም።»

«ባዶ መልስ የሌለው እኛ ስለሞላነው ነው!»

ይህን ስለው ጮኼ ነበር፤ ልጆቼ ከጓዳ ወጥተው አዩኝ። በየጥያቄው ስለሚያስሉትና ሠንጠረዡ ላይ «በጣም ጥሩ» ስለተባሉት ሽማግሌ ነገርኩት። ሁሉም አሮጊት አምስት፣ ሁሉም ልጅ «የለም» ያሉበት ቀበሌ በምድር ላይ ካለ አሳየኝ አልኩት። አልተሸነፈም፤ ስለዚህ ያለኝን አንድ ነገር አነሳሁ። በጥራት ማረጋገጫው ላይ ፊርማዬ አለ፤ ሪፖርቱ ደግሞ ገና ለመጨረሻ ጊዜ አልቀረበም። «ፊርማዬን አነሳለሁ» አልኩት። በነጋታው ደውሎ የተቆረጡትን ሦስት ቀበሌዎች በአንድ ሳምንት፣ በአራት ጠያቂ ደግሜ እንድጠይቅ ፈቀደልኝ። እሱ የሰጠው ስም «ማጣሪያ» ነበር።

መጀመሪያ ጥያቄዎቹን ልሞክር ቴፒ ከተማ ወረድኩ። በዚህ ጊዜ ያለ ሙከራ አንዲት ጥያቄ ወንዝ አትሻገርም ብዬ ምዬአለሁ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ሄጄ ከተማሪዎች ጋር፣ ከሰዓት ደግሞ በትልቁ የቡና እርሻ አካባቢ ከሚኖሩ አዛውንት ቡና ለቃሚዎች ጋር ተቀመጥኩ። ጥያቄውን አነባለሁ፤ ከመመለሳቸው በፊት «ምን የጠየቅኩህ ይመስልሃል? በራስህ አነጋገር ንገረኝ» እላለሁ። ከዚህ የቀለለ ሥራ የለም። ይኼን ቀደም ሲል አንድ ቀን ብቻ ብሠራው ኖሮ ያቺ ልጅ አትቃጠልም ነበር።

ልጆቹ ፈተና መስሏቸዋል። አንዱ ጎበዝ ነው መሰል፣ ጥያቄውን ሰምቶ ሲያበቃ «ትክክለኛው መልስ የትኛው ነው?» አለኝ። ሌላዋ ጓደኛዋ የመለሰችውን አይታ ገለበጠች። በወረቀት ብቻቸውን እንዲሞሉ የሰጠኋቸው ደግሞ ከላይ እስከ ታች አንዱን ረድፍ ቀጥ አድርገው ምልክት አድርገውበት ኳሳቸውን ሊጫወቱ ወጡ። ሽማግሌዎቹ ጋ ሌላ ጉድ ገጠመኝ። አምስት ምርጫ ጮክ ብሎ ሲነበብላቸው የሚመርጡት መጨረሻ የሰሙትን ነው። አንድ አባት ዝርዝሩን ገልብጬ ሳነብላቸው መልሳቸውም አብሮ ተገለበጠ፤ ጉልበታቸው ግን ያው ጉልበት ነው። «ባለፉት አራት ሳምንታት» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ምን ያህል እንደሆነ እንደማያውቁት ያወቅኩት ስጠይቃቸው ነው።

ስለዚህ አፈረስነው። ለሁለቱም የምንጠይቀው ነገር አንድ ነው፤ ባለፈው አንድ ወር ሥራ ያስቆመ ሕመም፣ የሚወሰድ መድኃኒት፣ ሐኪም ፈልጎ ማጣት። መንገዱ ግን ሁለት ሆነ። ለአዛውንቶቹ ጊዜውን በገበያ ቀን ሰፈርነው፤ «ካለፉት አራት ገበያዎች ወዲህ»። ለልጆቹ በክፍል ፈተናና በትምህርት ቤት መዝጊያ። «ጤናዎ እንዴት ነው» የምትለዋን አውጥቼ ጣልኳት። በምትኳ «ወንዝ ወርደው ውሃ ቀድተው መመለስ ይችላሉ?» ገባች። አይችሉም ወይም ይቸገራሉ ካሉ ብቻ «ትንሽ ነው ወይስ ብዙ?» እንላለን፤ አምስት ምርጫ በአንድ ትንፋሽ መደርደር ቀረ። ስንት ቀን እንደታመሙ ለማወቅ የደረቁ ቡናዎች እናቀርባለን፤ የታመሙበትን ቀን ያህል ቆጥረው ወደ ጎን ያደርጋሉ። አዛውንቶቹ ወደዱት። ልጆቹ ላይ ስሞክረው አንዷ «ሕፃን መሰልኩሽ እንዴ?» ብላ ቡናውን መለሰችልኝ፤ ለእነሱ ሌላ ነገር አዘጋጀን።

ለእነሱ ያዘጋጀነው የጆሮ ማዳመጫ ነው። ጥያቄው በአማርኛና በቤንችኛ በአንዲት ወጣት ድምፅ ተቀዳ፤ ልጁ ይሰማል፣ አዎ ከሆነ አረንጓዴ፣ ካልሆነ ቢጫ ይነካል፤ ከውጭ ያለ ሰው ጥያቄውንም መልሱንም አያውቅም። መጀመሪያ ላይ ድምፁ «ፈተና አይደለም፣ ትክክል ወይም ስህተት የሚባል መልስ የለም፣ የማትፈልገውን ዝለለው» ይላል። መጨረሻ ላይ በገዛ ድምፃቸው የሚናገሩበት አንድ ቦታ አለ፤ ያን የሚሰማው የጥናቱ ሰው ብቻ እንደሆነም ይነገራቸዋል። ጠያቂዎቹ ወደ አንድ ቤት ሁለት ሁለት ሆነው እንዲገቡ አደረግን። የቤቱን ትልቅ ሰው አስፈቅደው፣ ልጁንም ለብቻው ፈቃዱን ጠይቀው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ፤ አሮጊቷ ወሬዋን ስታወራ ልጅቷ ከቡናው ሥር ብቻዋን ትሆናለች። ማንንም ሂድልኝ ማለት አያስፈልግም።

የታብሌቱን ደቂቃ ቆጣሪ አስዘጋሁት። ጠያቂዎቹንም አንድ ነገር አዘዝኳቸው፤ የተሰጣችሁን ሳትጠጡ ጥያቄ እንዳትጀምሩ።

ወንዙን ስንሻገር ልጅቷ ከሐኪም ቤት ወጥታ ቤቷ ነበረች። አያቷን እንድትጠይቅ ያደረግኳት ቤንችኛ የምትናገር ጠያቂ ነች፤ አሮጊቷ አንድ ጆሯቸው ስለሚከብዳቸው በደህናው በኩል ተቀመጠች። የቀረበላትን ጠጣች። ስለ ዝናቡ ተጨዋወቱ። ከዚያ ገበያዎቹን አስቆጠረቻቸው። አሮጊቷ ከቡናዎቹ እያነሱ ወደ ሌላው እጃቸው ሲያደርጉ፣ ሲያደርጉ መዳፋቸው ሊሞላ ደረሰ። ዓይናቸው፣ ወገባቸው፣ ሌሊት ሌሊት ልጅቷን ሲጠብቁ ያጡት እንቅልፍ ወጣ። «ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ፤ ሳላስበው አንገቴን ደፋሁ። ልጅቷ ከቡናው ሥር ጀርባዋን ለቤቱ ሰጥታ ማዳመጫውን አድርጋ ተቀምጣለች፤ ባልታሰረው እጇ ትነካለች። እኔ በዚህ ጊዜም ከኋላ ነበርኩ።

የሦስቱ ቀበሌ ሠንጠረዥ ከበፊተኛው ጋር አይተዋወቅም። አስተባባሪው ሲያየው ወዲያው አልደወለም፤ ሲደውል ግን የሚጠበቀውን ጠየቀ። «አጠያየቁ ተቀይሯል። በምን አነጻጽራለሁ?»

በዚህ ጊዜ መልሱ ነበረኝ። «አንድ ጥያቄ የሚባለው አንድ ዓይነት ተደርጎ የተነበበው አይደለም። አንድ ዓይነት ሆኖ የገባቸው ነው። በፊት ልጆቹ ፈተና፣ አሮጊቶቹ ሰላምታ ነው የመለሱልህ። ያን ነው ስታነጻጽር የነበረው።»

ቀስ ብሎ «ታዲያ ጥፋቱ የትርጉሙና የሙከራው ነዋ» አለ። «ማለትም…»

«የእኔ ነው» አልኩት። ቀደም ብሎ ሌላ ሰው ላይ ያነጣጠረው ንዴቴ ሁሉ መጥቶ እኔው ላይ አረፈ። ሦስት ቀን ስጠይቅ አንድ ከሰዓት የሰጠኝ እሱ ነው፤ ያን አልረሳሁለትም፤ በአንድ ከሰዓት ይበቃል ብዬ የፈረምኩት ግን እኔ ነኝ። ሪፖርቱ ከመጀመሪያው ሠንጠረዥ ጋር ለምን እንደማይስማማ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ካልተጨመረ አይቀበሉትም አለ። እጽፋለሁ አልኩ።

ገጹን ልጽፍ የተቀመጥኩት አማን፣ ቢሮ ባደረግናት ክፍል ውስጥ ነው፤ ቆርቆሮውን ዝናብ ይደበድባል። ከመጻፌ በፊት ልጆቹ መጨረሻ ላይ የቀዱትን ማዳመጥ ነበረብኝ፤ የተቆጣጣሪ ሥራ ነው። ስም የለም፣ የቤት ቁጥር ብቻ ነው ያለው። አብዛኞቹ ዝም ብለዋል፣ አንዱ ዘፍኗል፣ አንዷ ነርሶቹ መቼ እንደሚመለሱ ጠይቃለች። ከዚያ የማውቀው ድምፅ መጣ። በቤንችኛ፣ በዝግታ ነው የምትናገረው።

«መድኃኒት አለኝ። ያኔ የመጣው ልጅ አያቴና ጎረቤት ፊት ጠየቀኝ፤ የለም አልኩ። ብቻዬን ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። ከኋላው አንዲት ሴትዮ ተቀምጣ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን ክኒኔን አየች፤ እጄንም አየች። አውቃለች። ዝም አለች። ሐኪም ቤትም ሙዝ ይዛ መጣች። ሁልጊዜ እኛን ነው የምትጠይቁን። እሷም ትጠየቅ።»

ደግሜ አላዳመጥኩትም። ማዳመጫውን አውልቄ ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጥኩ። ማንም ሰድቦኝ እንደዚያ አልተቃጠልኩም፤ ሰድባኝም አልነበረም።

ገጹን በማግስቱ ጻፍኩ። ጥያቄውን ማን እንደተረጎመ፣ ማን ሳይሞከር ተሞክሯል ብሎ እንደፈረመ ጻፍኩ። በተጨማሪም ተቆጣጣሪዋ በአንድ ቤት ውስጥ መልሱ እውነት እንዳልሆነ የሚያሳይ ነገር አይታ እንዳልመዘገበች ጻፍኩ። የትኛው ቤት እንደሆነ አልገለጽኩም። አስተባባሪው «እትዬ፣ ይቺ የመጨረሻዋ የግድ ናት? ሥራ ታሳጣዎታለች» አለኝ፤ ለእኔው አስቦ ነው። የግድ ናት አልኩት። ሪፖርቱ አለፈ፤ ዙሩም ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ሦስቱም ቀበሌ ላይ ተመለሰ። የልጅቷ ሁለት ጣቶች ግን እንደተጣበቁ ቀርተዋል፤ እስክሪብቶ የምትይዘው በሌላው እጇ ነው።

ሥራ አላጣሁም፤ ለምን እንዳላጣሁ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በማዘጋጀው መጠይቅ ሁሉ መጨረሻ ላይ፣ ለተቆጣጣሪው ብቻ፣ አንድ ባዶ ሣጥን አለች። «ያየኸው ነገር ካለ ጻፍ» ትላለች፤ ሳትሞላ መጠይቁ አይዘጋም። ባለፈው ሥልጠና አንዱ አዲስ ተቆጣጣሪ እጁን አውጥቶ «ተጠያቂዎቹ እነሱ፤ እኔን ለምን ትጠይቂኛለሽ?» አለኝ።

«ተቆጣጣሪም ይጠየቅ ስለተባለ ነው» አልኩት።